ለሚያንኳኳ ሰው ቀጠሮ

ለአንድ ከባድ ሥራ ተብሎ አስቀድሞ የተያዘ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ጉዳይ አይፈርስም። የሚያፈርሱት «ሁለት ደቂቃ ብቻ ላስቸግርሽ»፣ «ይቺን ብቻ እይልኝ»፣ «አንዴ ቢሮ ብቅ በይ» የሚሉ አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። ጠያቂዎቹ ሥራ ለማበላሸት የመጡ አይደሉም፤ የያዙት ጉዳይም በራሱ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄው መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው የጠያቂው ውሎ ነው። የተጠያቂዋ ሥራ በዚያ ሰዓት የት እንደ ደረሰ ጠያቂው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የተያዘን ሰዓት መጠበቅ በአመዛኙ ቀጠሮ የመስጠት ሥራ ነው፤ ጥያቄውን መቀበል፣ የሚመለስበትን ሰዓት በቁርጥ መናገር፣ በተባለው ሰዓትም መገኘት።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በአንድ መካከለኛ የንግድ ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ይታሰብ። በፊቷ ያለው ሥራ የወሩን የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነው፤ በቢሮ አነጋገር ሪኮንሲሌሽን። ባንኩ የላከው ስቴትመንት 140 መስመር አለው። እያንዳንዱ መስመር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። የተገናኘው ቲክ ይደረጋል፤ ያልተገናኘው፣ ለምሳሌ ተጽፎ ተሰጥቶ ባንክ ያልቀረበ ቼክ፣ ለብቻው በኤክሴል ሠንጠረዥ ይመዘገባል። መጨረሻ ላይ በባንኩ ባላንስና በድርጅቱ ባላንስ መካከል ያለው ልዩነት ተለይተው በወጡት መስመሮች ተብራርቶ ማለቅ አለበት፤ አንድ ብር እንኳ ከተረፈ ሥራው አልተጠናቀቀም። ካልተቋረጠ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

ሠራተኛዋ ባንክ ያልቀረበ የ45,680 ብር ቼክ አግኝታ ቁጥሩን ወደ ሠንጠረዡ ልታሰፍር ስትል አንድ የሥራ ባልደረባ የነዳጅ ደረሰኝ ይዞ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ይቆማል። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ደረሰኙን ታያለች፤ ቀን እንደሌለው ትነግረዋለች፤ ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ወደ ሠንጠረዡ ተመልሳ ግን የጻፈችው 46,580 ነው። አምስቱና ስድስቱ ቦታ ተቀያይረዋል።

ስሕተቱ በዚያ ቅጽበት አይታይም። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደረስ፣ ሒሳቡ በ900 ብር አልገጥም ይላል። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥመው መጀመሪያ ለ9 ያካፍለዋል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ የሆነ ቦታ ላይ ሁለት ጎረቤታም አኃዞች ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። ዘዴው ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። እዚህ 900 ለ9 ሲካፈል 100 ስለሚሰጥ ፍለጋው የሺህ ቤትና የመቶ ቤት አኃዛቸው በአንድ ወደሚበላለጥ ቁጥሮች ይጠባል። ዘዴውን የምታውቅ ሠራተኛ ስሕተቱን ቶሎ ልታገኘው ትችላለች። የማታውቀው 140ውን መስመር እንደገና ከላይ ትጀምራለች። የሁለት ደቂቃዋ ጥያቄ ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባለ ደረሰኙን የሚያስታውሰው የለም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሶፊ ለሮይ የተባለች የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት አሳይታለች። በሙከራዎቿ ሰዎች አንድ የቃላት እንቆቅልሽ ጀምረው ሳይጨርሱት ወደ ሌላ ሥራ፣ የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ ወደ መገምገም፣ እንዲሸጋገሩ ተደረገ። ከፊሉ ሐሳባቸው ባልተጨረሰው እንቆቅልሽ ላይ ቀርቶ ስለነበር ሁለተኛውን ሥራ የሠሩት ደከም አድርገው ነው። ለሮይ ይህን የትኩረት ዝቃጭ ልንለው በምንችለው ስም ጠራችው። ብርጭቆው ቢገለበጥም ከሥሩ የሚቀር ነገር አለ እንደ ማለት ነው። በሒሳብ ሠራተኛዋ ላይ ዝቃጩ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ደረሰኙን ስታይ ሐሳቧ ቼኩ ላይ ነበር፤ ወደ ቼኩ ስትመለስ ደግሞ ቀን የሌለው ደረሰኝ አብሯት መጣ።

እንግዲህ ጥያቄን የማስተናገዱ ሥራ የሚጀምረው ጠያቂው ከመምጣቱ በፊት ነው። መጀመሪያ የሚጠበቀው ሰዓት ከቢሮው ልማድ ጋር መስማማት አለበት። ሥራ በ2፡30 በሚገባበት ቢሮ ከ2፡30 ጀምሮ ማንም አያናግረኝ ማለት አያስኬድም። ያ ሰዓት የሰላምታ ሰዓት ነው። ሰው እንዴት አደርሽ ይላል፣ የታመመ ልጅ ተሽሎት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከትናንት የተንከባለለ ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ሰላምታ የተነፈገው ሰው ቅር ይለዋል፤ ቅር ያለው ባልደረባ ደግሞ ቀጠሮ ቢሰጡት አያምንም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለሰላምታና ለትናንቱ ጉዳይ ለቅቆ የትኩረቱን ሰዓት ከ3 እስከ 5 ማድረግ ይሻላል። ከ5 ሰዓት እስከ ምሳ ያለው ደግሞ ለጥያቄዎች ክፍት ይሆናል። ይህ የክፍት ሰዓት በጣም ወሳኝ ነው። ሰው መቼ ሊያገኛት እንደሚችል የሚያውቅ ከሆነ ይጠብቃል፤ የማያውቅ ከሆነ ባገኛት ቅጽበት ይይዛታል።

ሁለቱ ሰዓት ለምን እንደተያዘ በቃል ሲነገር ደግሞ የሥራው ስም መጠራት አለበት። «ሥራ ይዣለሁ» የሚለውን ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሚለው ክብደት የለውም። «እስከ 5 ሰዓት ባንክ እያስታረቅኩ ነው» ሲባል ግን ሥራው ይታያል፣ የሚያልቅበትም ይታወቃል። በር በሌለው ቢሮ ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ማቆም ይጠቅማል፦ «እስከ 5 ሰዓት ባንክ እያስታረቅኩ ነው። ስምዎንና ጉዳይዎን እዚህ ይጻፉ፤ ከ5 ሰዓት በኋላ እኔ እመጣለሁ።» ከሥሩ ለስም፣ ለጉዳይና «መቼ ይፈለጋል?» ለሚል ጥያቄ መስመር ይሰመራል። ብዙ ሰው ለመጻፍ እስክሪብቶ ሲያነሳ ጉዳዩ መቆየት እንደሚችል ራሱ ይገነዘባል። አንዳንዱም የሚጽፈውን ሲያስብ መልሱን ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ ስምምነቱ ከቅርብ አለቃ ጋር መደረግ አለበት፤ ሌላውን ጠያቂ ቀጠሮ መስጠት ቢቻልም የአለቃ ጥሪ ሰዓቱን በአንድ ስልክ ያፈርሰዋልና። አለቃን ፈቃድ የሚጠይቁት በወሬ መሐል ሳይሆን በሥራው ውጤት ነው። ሠራተኛዋ «የባንኩን ሒሳብ ማክሰኞና ሐሙስ ከ3 እስከ 5 ብይዘው ለሪፖርት በሰዓቱ ይደርስልዎታል። በዚያ መሐል የሚያስፈልግዎትን ነገር 5 ሰዓት ላይ ቢሮዎ መጥቼ እወስዳለሁ። መጠበቅ የማይችል ምን ምን ነው ይላሉ?» ብትል አለቃው ለመስማማት ምክንያት አለው፣ የመጨረሻውም ጥያቄ ድንበሩን ራሱ እንዲያሰምር ይጋብዘዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያሰምረው አጭር ነው፤ ዛሬ የሚያልፍ የግብር ቀን፣ ከባንክ የመጣ አጠራጣሪ የክፍያ ጥያቄ፣ በሰው ላይ የደረሰ አደጋ። ይህ ዝርዝር ካልተነገረ ግን ሁሉም ነገር አስቸኳይ ሆኖ ይመጣል።

ጠያቂው ሲመጣ ደግሞ ከመናገር በፊት አንድ ነገር ይቀድማል፤ ሥራው የቆመበትን ምልክት ማድረግ። ለሮይ ከቴሬዛ ግሎምብ ጋር በ2018 ያሳተመችው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሥራቸው ሊቋረጥ ሲል የት እንደ ደረሱና ሲመለሱ ምን እንደሚያደርጉ በአጭሩ የጻፉ ሰዎች ሐሳባቸው ከቀድሞው ሥራ ተላቅቆ በሚቀጥለው ሥራ ላይ የተሻለ አገልግሏቸዋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠያቂውን በእጅ ምልክት «አንድ አፍታ» ብላ ታስቆመዋለች፤ እርሳሷን ቼኩ መስመር ላይ ታስቀምጥና ከአጠገቡ «ቼክ፣ ገና አልሰፈረም» ትላለች። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ስትመለስ የሰፈረና ያልሰፈረውን ከማስታወስ ትድናለች፤ ቁጥሩንም ከስቴትመንቱ እያየች እንደ አዲስ ትጽፈዋለች። በሌላም ሥራ ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የሚጽፍ ሰው የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ሦስት ቃላት፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ፣ የሚለካ ሰው የመጨረሻውን ልኬት ጽፎ ቀና ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር አጭር ነው፤ አጭር መሆኑም ከክብር ጋር አይጋጭም። ባለ ደረሰኙ «ሰላም ነሽ? ሁለት ደቂቃ ብቻ ላስቸግርሽ፣ ይቺን የነዳጅ ደረሰኝ እይልኝ» ይላል። መልሱ «ሰላም ነኝ፣ እንዴት አደርክ? አሁን ባንክ እያስታረቅኩ ነው፤ ልክ 5 ሰዓት ላይ እኔው ጠረጴዛህ ጋ እመጣለሁ። ይደርስልሃል?» ነው። እዚህ ሦስት ነገሮች አሉ። ሰላምታው አልተዘለለም። ሰዓቱ ተጠርቷል፣ የሚመጣውም እሷ ናት፤ ጠያቂው ደጅ መጥናት የለበትም። የመጨረሻዋ «ይደርስልሃል?» ደግሞ በእርግጥ የሚያስቸኩል ነገር ካለ እንዲወጣ በር ትከፍታለች። ሹፌሩ ደጅ ቆሞ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ እየጠበቀ ከሆነ ባልደረባው ያኔ ይናገራል፣ ጉዳዩም ወዲያው ይታያል። ካልሆነ «ይደርሳል፣ ችግር የለም» ይላል። አብዛኛው ይህን ይላል።

እዚህ ላይ በብዙ ቢሮ የተለመደ አንድ አነጋገር ሊታረም ይገባዋል። ሰው ማስቀየም ስለማይፈለግ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እሺ፣ አየዋለሁ» ነው። ጨዋ ይመስላል፤ ግን ጠያቂው መቼ እንደሚታይለት ሳያውቅ ይሄዳል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «ምን ደረሰ?» ብሎ ይመለሳል፤ ሲያጣ በስልክ ይደውላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላ ሰው በኩል ያስታውሳል። አንድ ጥያቄ የነበረው አራት መቋረጥ ሆነ። ተጠያቂዋም በመሐል ያልፈጸመችውን እሺታ በልቧ ተሸክማ ትሠራለች። ግልጽ ሰዓት ከለዘብተኛ እሺታ ይልቅ ለጠያቂው የሚያከብር ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ቢያንስ የራሱን ጠዋት ማቀድ ይችላል።

የአለቃ ጥሪ ሲመጣ አቀራረቡ ይለያል። አለቃው ቅድሚያ የመወሰን መብት አለው፤ ሠራተኛዋ ማድረግ የምትችለው የውሳኔውን ዋጋ ማሳየት ነው። ሥራ አስኪያጁ በ3፡40 ደውሎ «የዱቤ ደንበኞችን ዝርዝር አምጪልኝ» ቢል፣ «እሺ፣ አመጣለሁ። ባንኩን አጋምሼዋለሁ፤ 5 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ይዤ ልምጣልዎ ወይስ አሁን ትቼው ልጀምር? አሁን ከተውኩት ባንኩ ወደ ሐሙስ ይተላለፋል» ማለት ይቻላል። ቃሉ እምቢታ የለበትም። ምርጫው በአለቃው እጅ ነው፤ ግን ምርጫ መሆኑን አሁን ያውቃል። «አሁን» ካለ በቃ፣ ምልክት ተደርጎ ይተዋል፤ ክርክር አያስፈልግም። «እስከ 5 ይቆይ» ካለ ደግሞ ሰዓቱ በእሱ ቃል ተጠበቀ ማለት ነው። አለቃው ምርጫ ሳይቀርብለት ስንት ጊዜ ሥራ እንዳስተላለፈ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ነው።

በአካል የሚመጣው ጥያቄ ቢያንስ ፊት አለው። በስልክና በቴሌግራም የሚመጣው ግን የችኮላውን መጠን ተቀባዩ ራሱ ይገምታል፣ ግምቱም ወደ አንድ በኩል ያጋድላል። ሎራ ጁርጅና ቫኔሳ ቦንስ በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተላከ አስቸኳይ ያልሆነ ኢሜይል የደረሳቸው ሰዎች ላኪው ቶሎ መልስ እንደሚጠብቅ አድርገው ይገምታሉ፤ ላኪው ራሱ ግን ያን ያህል አይቸኩልም። ላኪው መልሱ እንደማያስቸኩል በግልጽ ሲጽፍ ግምቱ ይስተካከላል። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ሁለት ነው። ተቀባይዋ ላልተባለ ችኮላ አትጎተት፤ ላኪ ስትሆን ደግሞ «ከሰዓት በኋላ ቢደርሰኝ ይበቃል» የምትለዋን አንድ መስመር ትጨምር። ቡድኑ በሙሉ ይህችን መስመር ቢለምድ የብዙ ሰው ጠዋት ይድናል፤ የሚያስወጣውም ምንም የለም።

ስልክን ጨርሶ መዝጋት ግን አብዛኛው ሰው የማይችለው ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ፣ ቤት ያለች በሽተኛ እናት አሉና። ለዚህ በስልኩ ቅንብር ውስጥ `Do Not Disturb` የሚለው ክፍል መፍትሔ ይዟል። ድምፁ ለሁሉም ሲጠፋ ለተመረጡ ስልኮች ብቻ እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ `Repeat callers` የሚል ምርጫም አለ። አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ጥሪው ያልፋል። በእርግጥ የቸገረው ሰው ደግሞ ይደውላልና ይህ ምርጫ ከማንኛውም ዝርዝር የተሻለ ወንፊት ነው። ለቤተሰብ «ካጣችሁኝ ወዲያው ሁለተኛ ደውሉ» ብሎ መንገር ይበቃል። የቴሌግራም ቡድኖችን ድምፅ ማጥፋት ከዚህ የቀለለ ነው፤ በቡድን ውስጥ የተጣለ መልእክት ለማንም ሰው የተለየ ቀጠሮ አይደለምና።

አንዳንድ ጥያቄዎች ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ሞት ሲመጣ፣ የቅርብ ሰው ሲታመም፣ በሥራ ላይ አደጋ ሲደርስ የተያዘው ሰዓት እዚያው ያበቃል፣ ስለ እሱም አይታሰብም። ለቅሶ የቀረ ሰው የሚያጣው ነገር በሌላ ሰዓት አይመለስም፤ ባንክ ግን ነገም ይታረቃል። ሥራቸው ራሱ ጥያቄ መቀበል የሆነ ሰዎችም አሉ፤ እንግዳ ተቀባይ፣ የባለጉዳይ መስኮት ሠራተኛ፣ በዋርድ ያለች ነርስ። እነዚህን «ቀጠሮ ስጡ» ማለት ሥራችሁን አትሥሩ እንደ ማለት ነው። ለእነሱ የሚሆነው መተካካት ነው። ሁለት የመስኮት ሠራተኞች ካሉ አንዷ ከ3 እስከ 4 ባለጉዳይ ሁሉ ስትቀበል ሌላዋ ከኋላ ሆና የተከማቸውን ፋይል ትጨርሳለች፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። አንድ ሰው ብቻ ባለበት መስኮት ግን ትኩረት የሚፈልገው ሥራ መስኮቱ ከሚከፈትበት ሰዓት በፊት ወይም በኋላ እንዲሆን ኃላፊው ካልወሰነ በስተቀር ሠራተኛዋ ብቻዋን የምታመጣው መላ የለም።

ዘዴው ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ አንድ ነው፤ 5 ሰዓት። ሠራተኛዋ «5 ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ብላ ካልሄደች ባለ ደረሰኙ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ አይቀበልም፤ ቆሞ ያስፈርማል፣ ትክክልም ነው። ስለዚህ ሥራው ባያልቅ እንኳ በ5 ሰዓት ይቆማል፤ ምልክት ተደርጎበት። 112ኛው መስመር ላይ ከሆነች «112፣ ቀጥሎ የ18 ቀን ገቢ» ብላ ጽፋ ትነሳለች። ወረቀቱን ይዛ በተጻፈው ቅደም ተከተል ሳይሆን በሰዎቹ አቀማመጥ መሠረት ትዞራለች፤ መጀመሪያ ፎቁ ላይ ያሉትን፣ ከዚያ ምድር ቤት ያሉትን። አምስት ጥያቄ በተራ ሲመለስ በየመሐሉ ሲመለስ ከሚወስደው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ቫውቸር ፋይል ተከፍቶ ሁለት ሰው ይስተናገድበታልና። ልትፈጽመው የማትችለው ካለም ሄዳ ትናገራለች፦ «ይህ ዛሬ አይሆንልኝም፤ ነገ በ8 ሰዓት»።

ሌላው የሚወድቅበት ምክንያት ከሠራተኛዋ አቅም በላይ ነው። ሌስሊ ፐርሎ የተባለች ተመራማሪ በ1999 ባሳተመችው ጥናት የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲሶችን ቀን በቅርብ ተከታትላ ነበር። መሐንዲሶቹ ቀኑን በሙሉ እርስ በርሳቸው ሲቋረጡ ውለው ዋናውን ሥራ ማታና ቅዳሜና እሑድ ነበር የሚሠሩት። ፐርሎ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ እኩለ ቀን ማንም ማንንም እንዳያቋርጥ የሚል የጸጥታ ሰዓት ከቡድኑ ጋር አስሞከረች። ሙከራው በቆየበት ጊዜ ሥራው ተሻሻለ፣ ምርቱም በተባለው ቀን ወጣ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ቡድኑ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመለሰ። ምክንያቱን ስትገልጽ በመሥሪያ ቤቱ የሚመሰገነው ማን እንደሆነ ታሳያለች፤ ቀውስ ሲነሳ ሁሉን ጥሎ የሚሮጠው። ቀውሱ እንዳይነሳ በጸጥታ የሠራውን የሚያየው አልነበረም። በየትኛውም ቢሮ ኃላፊው በስብሰባ ላይ የሚያመሰግነው «ማታ አምሽታ ያደረሰችውን» ብቻ ከሆነ፣ ከ3 እስከ 5 ያለው ሰዓት ወረቀት ላይ ቢጻፍም ብዙ አይቆይም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ለዚህ ማድረግ የምትችለው ነገር ትንሽ ቢሆንም አለ። ባንኩ ሳይዘገይ የታረቀበትን ቀን በየወሩ ለአለቃዋ በአንድ መስመር ማሳወቅ፤ አለቃው የማያየውን ነገር ሊያመሰግን አይችልምና።

የጠረጴዛው ወረቀት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ሠራተኛዋ ስሞቹንና ጉዳዮቹን ዘርግታ ታያለች። አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ከታየ፣ ለምሳሌ የሽያጭ ክፍሉ በየቀኑ «የእገሌ ክፍያ ገብቷል?» እያለ ከጠየቀ፣ መፍትሔው መልሱን ቀድሞ መስጠት ነው፤ በ2፡45 የትናንቱን የገቢ ዝርዝር ለሽያጭ ክፍሉ መላክ። የነዳጅ ደረሰኝ ያለ ቀን እየመጣ ከተመለሰ ደረሰኙ ላይ ምን ምን መኖር እንዳለበት የሚያሳይ አንድ ናሙና የሹፌሮች ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ከዚያ ደግሞ «ይደርስልሃል?» ተብለው «አይደርስም» ያሉትን ትቆጥራለች። በሁለት ሳምንት አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ ሰዓቱ ጥሩ ቦታ ላይ ነው። በየቀኑ የሚያጋጥሙ ከሆነ ግን ሰዎቹን ከመውቀስ በፊት ሰዓቱ ይመርመር። ሹፌሮች ለመንገድ ገንዘብ የሚወስዱት ከ3 እስከ 4 ከሆነ፣ የትኩረቱ ሰዓት ከ8 እስከ 10 ቢዛወር ወይም የመንገድ ገንዘቡ ከዋዜማው በኤንቨሎፕ ቢዘጋጅ ግጭቱ ይቀራል።